12 ሰው፣ 14 ቀን

ጨዋታው አልቆ ነበር። ገበጣ ነው፤ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ ከስልኩ ጋር ወይም አጠገብ ከተቀመጠ ሰው ጋር የሚጫወቱት። በእኔ ስልክ ይሠራል፣ በወንድሜም ስልክ ይሠራል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን ይዤ «ዛሬ ፕሌይ ስቶር ላይ አወጣዋለሁ» ብዬ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጥኩ። ጨዋታው ለሕዝብ የታየው ከዚያች ቅዳሜ ከአምስት ሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ኮድ የጻፍኩበት ጊዜ ቢደማመር ሁለት ቀን አይሞላም። ዋናው ሥራ ሰው ፍለጋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 13 ቀን 2023 በኋላ በፕሌይ ስቶር የግለሰብ አካውንት የከፈተ ሰው ጨዋታውን በቀጥታ ለሕዝብ መልቀቅ አይችልም። በመጀመሪያ ቢያንስ 12 ሰዎች በፈቃዳቸው ሞካሪ ሆነው ተመዝግበው፣ ሳያቋርጡ 14 ቀን መቆየት አለባቸው። ደንቡ ሲወጣ 20 ሰው ነበር የሚጠይቀው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ወደ 12 ወረደ። እኔ ይህን ያወቅሁት ቡናው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን በሩ ላይ ያለውን ጉዳይ እንጨርስ። ፕሌይ ስቶር ሁላችንም የምናውቀው ሱቅ ነው፤ በጓሮው በኩል ሻጮቹ ብቻ የሚገቡበት ሌላ በር አለው፣ ፕሌይ ኮንሶል ይባላል። መግቢያው 25 ዶላር ነው፤ አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ በየዓመቱ አይታደስም። የአፕል በዓመት 99 ዶላር ስለሆነ ብዙ ጀማሪ በአንድሮይድ የሚጀምረው ወዶ ብቻ አይደለም። አካውንቱ የግለሰብ ወይም የድርጅት ሊሆን ይችላል። የድርጅቱ ከሆነ የ12 ሰው ግዴታ የለበትም፤ በምትኩ `D-U-N-S` የሚባል ዓለም አቀፍ የድርጅቶች መለያ ቁጥር ይጠየቃል። ብቻዬን ማታ ማታ ስሠራ ለነበርኩት ለእኔ ድርጅት የሚባል ነገር ስላልነበረ የግለሰቡን መረጥኩ።

ቀጥሎ ማንነት ይጣራል። እዚህ ላይ ስማችንን በላቲን ፊደል የምንጽፈው እንዳመቸን መሆኑ ዋጋ ያስከፍላል። የእኔ ስም በፓስፖርቴ ላይ በአንድ `s` ተጽፏል፤ የክፍያ መረጃዬን ስሞላ ግን ሁልጊዜ እንደማደርገው በሁለት ጻፍኩት። ሁለቱ ስላልገጠሙ ማጣሪያው ወደቀ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ሳስተካክለው አለፈ፣ ጥቂት ቀናት ግን በላ። አካውንት የሚከፍት ሰው መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፊደል በፊደል እያየ ቢሞላ ይሻለዋል። ስሙና አገሩ በሱቁ ላይ ለሕዝብ እንደሚታዩ፣ በጨዋታው ገንዘብ የሚያገኝ ከሆነም ሙሉ አድራሻው እንደሚወጣ አብሮ ይወቅ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጡት ኋላ የማይለወጡ ነገሮች ናቸው። አንደኛው የጨዋታው መለያ ስም ነው፤ ተጫዋቹ ብዙም አያየውም፣ ሱቁ ግን ጨዋታውን የሚያውቀው በእሱ ነው። እኔ ስለማመድ መሣሪያው በራሱ የሰጠኝን `com.example.gebeta` ሳልነካው ትቼው ነበር። ፋይሉን ስጭን ሱቁ አልቀበልም አለ፤ `com.example` ለማስተማሪያ የተያዘ ስለሆነ ማንም አይወስደውም። ደግነቱ ስህተቱ የታየው ከመጀመሪያው ነው። አንድ ስም ተይዞ ጨዋታው ከወጣ በኋላ መለወጥ የለም፤ የለወጠ ሰው ሌላ አዲስ ጨዋታ ከፈተ ማለት ነው፣ የድሮዎቹ ተጫዋቾችም አብረውት አይመጡም። ሁለተኛው ዋጋ ነው። በነፃ የወጣ ጨዋታ ኋላ ተመልሶ የሚሸጥ አይሆንም፤ ውስጡ የሚሸጥ ነገር መጨመር ግን ይቻላል።

የሚጫነው ፋይል መጨረሻው `.aab` ነው። ጓደኞቻችን በቴሌግራም የሚላላኩት `.apk` ለአዲስ ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አይሠራም። ፋይሉ በሠሪው ማኅተም ይታተማል፤ ማኅተሙ በኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ፋይል ነው። ድሮ እሱ ከጠፋ ጨዋታውን ማደስ አበቃለት ነበር። አሁን ተጫዋቹ ዘንድ የሚደርሰው ማኅተም በጉግል እጅ ይቀመጣል፤ እኛ የምንይዘው የመጫኛውን ብቻ ስለሆነ ቢጠፋ ሌላ ማስመዝገብ ይቻላል። ቢሆንም ሁለት ቦታ አስቀምጡት። እኔ አንዱን በፍላሽ አድርጌ ለእናቴ ሰጥቻለሁ፤ ከወርቋ ጋር በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች።

የሱቁን ገጽ ማሰናዳት ቀላሉ ክፍል ነው። 512 በ512 የሆነ ምልክት፣ 1024 በ500 የሆነ የራስጌ ሥዕል፣ ከጨዋታው የተነሱ ቢያንስ ሁለት የስክሪን ፎቶዎች። ለስሙ 30 ፊደል፣ ለአጭር መግለጫው 80፣ ለረጅሙ 4000 ይፈቀዳል። እዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ጥቅም ደስ ይላል፤ «ገበጣ» ሦስት ፊደል ስትሆን በላቲን ስድስት ትወስዳለች፣ ስለዚህ በ30 ፊደል ከፈረንጁ የበለጠ ማውራት እንችላለን። የማይፈቀደውም አለ። እኔ በመጀመሪያ «ምርጥ የገበጣ ጨዋታ» ብዬ ነበር። «ምርጥ»፣ «አንደኛ»፣ «ነፃ» የመሳሰሉ የገበያ ቃላት በስም ላይ አይገቡም። አወጣሁት፤ እውነቱን ለመናገር ምርጥም አልነበረም።

ከዚያ ረጅሙ የመጠይቅ ወረፋ ይመጣል፦ ጨዋታው ማስታወቂያ አለው ወይ፣ ለስንት ዓመት ልጅ ነው፣ ውስጡ ቁማር ወይም ደም አለበት ወይ፣ ከተጫዋቹ ምን መረጃ ይወስዳል። ሰው የሚሰላቸው እዚህ ነው፣ ሲሰላችም «የለም፣ የለም፣ የለም» እያለ ያልፋል። እኔም እንዲሁ አለፍኩ። ጨዋታዬ ስምም ስልክ ቁጥርም አይጠይቅም፤ ታዲያ ምን መረጃ ይወስዳል? «የለም» አልኩ። የማስታወቂያ መለያ ይጠቀማል ወይ ለሚለውም «የለም»።

ፋይሉን ስልክ ግን ገጹ አላሳልፍም አለኝ። «አይጠቀምም» ብለሃል፣ በፋይሉ ውስጥ ግን የማስታወቂያ መለያውን የሚጠይቅ ፈቃድ አለ የሚል ነበር መልእክቱ። ፈቃዱን እኔ አልጻፍኩትም። ከወራት በፊት ማስታወቂያ ልሞክር ብዬ ያስገባሁት የሌላ ሰው ኮድ ነበረ፤ ማስታወቂያውን ኋላ ብተወውም ኮዱን ሳላወጣ ረስቼዋለሁ። ጨዋታው ሲታሸግ የሁሉም ፈቃድ አንድ ላይ ይደባለቃል። ለካ የውሰት ኮድ የራሱን ጓዝ ይዞ ነው የሚመጣው። የውሰቱን ኮድ ጨርሶ አወጣሁት። ኮዱን ለሌላ ሥራ የሚፈልገው፣ ማስታወቂያ ግን የማያሳይ ሰው ፈቃዱን ብቻ በዚህ መስመር ማስወጣት ይችላል፦

```xml
<uses-permission
  android:name="com.google.android.gms.permission.AD_ID"
  tools:node="remove" />
```

ማስታወቂያ የሚያሳይ ሰው ይህን አይንካው፤ መጠይቁን ተመልሶ «አዎ» ይበል። የመረጃ አሰባሰቡም እንዲሁ ነው፤ ያስገባኸው የውሰት ኮድ የሚወስደውን ሁሉ አንተ እንደወሰድከው ቆጥረህ ትሞላለህ። ስለ ዕድሜም አንድ ነገር ልበል። «ለሁሉም ዕድሜ» ማለት የዋህ መልስ ይመስላል፤ ከ13 ዓመት በታች ያሉትን የጨመረ ጨዋታ ግን የልጆች ደንብ ይመጣበታል፣ የሚያሳየው ማስታወቂያ እንኳ ለልጆች ከተፈቀዱት አቅራቢዎች ብቻ ይሆናል። እኔ 13 እና ከዚያ በላይ አልኩ። አያቴን እያሰብኩ የሠራሁት ስለሆነ ውሸት አልነበረም።

አሁን ወደ ሞካሪዎቹ። ፕሌይ ኮንሶል ጨዋታውን የሚያወጣባቸው አራት ደረጃዎች አሉት። `Internal testing` የቤት ውስጥ ነው፤ እስከ 100 ሰው ይይዛል፣ የጫኑት ፋይል ብዙ ሳይቆይ ይደርሳቸዋል። `Closed testing` የተጋበዘ ብቻ የሚገባበት ነው። `Open testing` ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው። `Production` ራሱ ሱቁ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እያምታታ ነው። 14ቱ ቀን የሚቆጠረው በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው፤ በቤት ውስጡ ሙከራ ዓመት ቢቆዩ አንድ ቀን አይቆጠርም። እኔ ስድስት ሰዎችን በቤት ውስጡ ደረጃ ላይ አስገብቼ አራት ቀን ቁጥሩ እስኪጀምር ጠበቅሁ። አልጀመረም።

ዝርዝሬን እንደገና ሠራሁ። እናቴ፣ ወንድሜ፣ ሦስት የሥራ ባልደረቦች፣ አከራዬ እትዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ገበጣ አዋቂ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ ዱባይ ያለች የሰፈራችን ልጅ፣ ቨርጂኒያ ያሉት ሁለት የአክስቴ ልጆችና የእነሱ ሁለት ጓደኞች። ልክ 12። የእያንዳንዱን ኢሜይል በዝርዝሩ አስገብቼ የግብዣውን ሊንክ ላክሁ። ሊንኩን ከፍተው ሞካሪ ለመሆን መስማማታቸውን መጫን አለባቸው፤ ኢሜይላቸው ዝርዝሩ ላይ መኖሩ ብቻ አያስቆጥርም።

በሦስተኛው ቀን ኮንሶሉ የሚያሳየው ቁጥር 5 ነበር። እትዬ ጋ ወርጄ ስልካቸውን ተቀበልኩ። ስልኩ ላይ ሁለት የጉግል አካውንት አለ፤ አንደኛውን ልጃቸው ከሳዑዲ ስትመጣ ከፍታላቸዋለች። እኔ ዝርዝሩ ላይ ያስገባሁት የድሮውን ነው፣ ፕሌይ ስቶሩ የተከፈተው ግን በአዲሱ። ሊንኩ በአዲሱ ሲከፈት ጨዋታው የለም ይላል።

«እኔማ ስነካው የለም ይለኛል፣ አንተን እንዳላስቀይም ብዬ ነው ዝም ያልኩ» አሉኝ።

«እትዬ፣ እንዲህ ሲሆን ይንገሩኝ እንጂ!»

«ምን ብዬ ልንገርህ? የለም አለኝ ብዬ?»

ልክ ነበሩ፤ የአካውንቱን ፎቶ ነክተው ወደ ድሮው ሲቀይሩ ተከፈተ። የቨርጂኒያዎቹ ችግር ሌላ ነው። በዚህ ደረጃ ጨዋታው የሚታይባቸው አገሮች ይመረጣሉ፤ እኔ ኢትዮጵያን ብቻ መርጬ ነበር። ዱባይና ቨርጂኒያ ያሉት አምስቱም የቆሙት በዚህ ነው። ሁለቱን አገሮች ጨመርኩ። በቤት ውስጡ ሙከራ አገር አይጠየቅም፤ ለዚህ ነው በዚያ ሲሠራ የነበረው በዚህ የቆመው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሊንኩን ከናካቴው አልከፈተውም ነበር፤ ለዚህ መድኃኒቱ ማኪያቶ ሆነ። ቁጥሩ 12 የደረሰው በስድስተኛው ቀን ነው፣ 14ቱም መቆጠር የጀመሩት ያኔ።

ከዚያ ያለው አስጨናቂ ነገር ማንም እንዳይወጣ መጠበቅ ነው። ጨዋታውን ከስልክ ማጥፋትና ከሞካሪነት መውጣት አንድ አይደሉም፤ የሚያፈርሰው መውጣቱ ነው። አንድ ሰው ወጥቶ ቢመለስ የእሱ 14 ቀን እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ልክ 12 ሰው የያዘ ሰው ስለዚህ ገመድ ላይ ነው የሚሄደው። በዘጠነኛው ቀን ከቨርጂኒያ ጓደኞች አንዱ ስልኩን ሲያጸዳ ከሞካሪነትም ወጣ። እኔ በሰባተኛው ቀን ፈርቼ ሦስት ሰዎች ጨምሬ ነበር፤ ለእነሱ ቀኑ ዘግይቶ ስለጀመረ ሰባት ቀን ያህል ተጨማሪ ጠበቅሁ። ከመጀመሪያው 18 ወይም 20 ሰው ብሰበስብ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም።

ሞካሪ በክፍያ የሚያቀርቡ አሉ፤ «የኔን ሞክር፣ ያንተን ልሞክር» እየተባባሉ የሚለዋወጡም አሉ። ነውር ነው አልልም፤ ሰው የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ጉዳቱ ግን ሌላ ቦታ ላይ ይታያል። 14ቱ ቀን ሲሞላ የሚመጣው ፈቃድ ሳይሆን ፈቃድ የመጠየቅ መብት ነው። `Apply for production` የሚለውን ሲጫኑ ጥያቄ ይቀርባል፦ ሞካሪዎችህን እንዴት አገኘህ? ምን አሉህ? ከነገሩህ ምን ለወጥክ? ለሕዝብ መድረሱን በምን አወቅህ? አንዴ ከፍቶ ተመልሶ ያልመጣ ሞካሪ ለዚህ መልስ አይሆንም። ሞካሪዎቹ ጨዋታውን ካልነካኩት፣ ወይም ሠሪው በመሀል ምንም ካላሻሻለ፣ «ገና ሙከራ ይቀርሃል» የሚል መልስ ይመጣና ሌላ 14 ቀን ይታሰራል።

የእኔ ሰዎች ግን ተናገሩ። ዱባይ ያለችው ልጅ የላከችው የስክሪን ፎቶ ላይ ከጠጠሮቹ በቀር ጽሑፍ የሚባል የለም፤ በፊደላችን ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል። የአማርኛውን ፊደል ከጨዋታው ጋር አላሸግኩትም ነበር፤ ጨዋታው ከየስልኩ እየተዋሰ ነበር የሚጽፈው። የእኔ ስልክ ስለነበረው ሰጠው፣ የእሷ አልሰጠውም። በነፃ የሚገኘውን `Noto Sans Ethiopic` ጨምሬ አዲስ ፋይል ስጭን `Version code 1 has already been used` አለኝ። በየፋይሉ ውስጥ የተደበቀ ተራ ቁጥር አለ፤ አንዴ የተጫነ ቁጥር ቢሰረዝም ተመልሶ አይሠራም፣ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። 2 አደረግሁት። የጉግል ሮቦት ደግሞ በየጭነቱ ጨዋታውን በተለያዩ ስልኮች ላይ ከፍቶ እየነካካ ዘገባ ያወጣል፤ ጨዋታው ቢዘጋ ይናገራል፣ ባዶ አራት ማዕዘን ግን አላሳሰበውም። ያን ለማየት አማርኛ የሚያነብ ዓይን ያስፈልጋል።

ሽማግሌው ጎረቤቴ ያሉት ግን ከሁሉ ይበልጥ ከበደኝ። ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው ሁለት ጊዜ ተጫወቱና «ይኼ ልጅ የገበጣ ደንብ አያውቅም» አሉ። ጠጠር የሚዘራበት አቅጣጫ እሳቸው ባደጉበት ቦታ የተለየ ነው። ገበጣ እንደየአገሩ የሚለይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጨዋታው ግን አንዱን መርጦ ሌላውን ስህተት ያደርገው ነበር። አቅጣጫ መምረጫ ጨመርኩ። ተራ ቁጥሩ 5 ደርሶ ነበር።

ማመልከቻው ላይ እነዚህን ሁለቱን፣ ፊደሉንና አቅጣጫውን፣ ማን እንደነገረኝና በየትኛው ፋይል እንዳስተካከልኩ በጥቂት መስመር ጻፍኩ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በሰባት ቀን ውስጥ ይመጣል ይላሉ፤ የእኔ በአምስተኛው ቀን መጣ። ከዚያ በኋላም ወደ ሱቁ የሚገባው ፋይል ራሱን የቻለ ምርመራ አለው። ምርመራው ካለፈ በኋላ ጨዋታው ወዲያው እንዲወጣ ወይም ሠሪው አዝራሩን እስኪጫን እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል፤ እኔ እንዲቆይ አድርጌ እሑድ ከሰዓት እናቴ ቤት ሆኜ ተጫንኩት።

እናቴ ወዲያው ስልኳን አንስታ «ገበጣ» ብላ ፈለገች። የእኔ አልታየም፤ አዲስ ጨዋታ በፍለጋ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል፣ በሊንክ ግን ይከፈታል። ሊንኩን ላክሁላት። ኮከብ ልትሰጠኝ ፈልጋ አልሆነላትም፤ ገና ሞካሪ ስለሆነች የምትጽፈው ሁሉ ለእኔ ብቻ ነው የሚደርሰው። ከሞካሪነት አስወጣኋት። አምስት ኮከብ ሰጠችና ከሥሩ ጠጠሮቹ ትንሽ እንደሚያንሱባት፣ መነጽር እንደሚያስፈልጋት ጻፈች። ለሕዝብ። ላፕቶፑን ከፍቼ ተራ ቁጥሩን 6 አደረግሁት።